ስድስቱ የተለበጡ ማንኪያዎች

አቶ ደርበው ላሊበላ ውስጥ በአንድ ሆቴል ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተዋል። መጀመሪያ አስተናጋጅ፣ በኋላ የአስተናጋጆች አለቃ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ዓይናቸው መድከም ጀመረ፤ እነሆ ጨርሶ ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሚስታቸው ወይዘሮ ትሁን ቀድመዋቸው አርፈዋል። አሁን የሚኖሩት ከልጃቸው ከብርቅዬ ጋር ነው። ብርቅዬ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፤ ለሁለት ሆቴሎች አንሶላ እያጠበች አባቷን ትጦራለች።

ከአልጋቸው ሥር አንድ የእንጨት ሳጥን ነበር። በ1967 ዓ.ም. ሚስስ ዶሪን የምትባል የእንግሊዛዊ የውሃ መሐንዲስ ሚስት አገሩ ሲታወክ በጥድፊያ ስትወጣ ለአቶ ደርበው በአደራ የሰጠቻቸው ነው። ውስጡ ለአሥራ ሁለት ሰው የሚሆን የብር የገበታ ዕቃ አለ፤ አሥራ ሁለት ሹካ፣ አሥራ ሁለት ቢላዋ፣ አሥራ ሁለት ትልቅ ማንኪያ፣ አሥራ ሁለት ትንሽ ማንኪያ። ሁሉም በአረንጓዴ ጨርቅ ኪስ ኪስ ውስጥ ገብተው፣ ተጠቅልለው፣ በጥብጣብ ታስረዋል። አቶ ደርበው በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ሳጥኑን አውጥተው ይቆጥሩ ነበር። ጥቅሉን ግን አይፈቱም። በጨርቁ ላይ እየዳበሱ፣ «አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት» ብለው ይመልሱታል። «አደራ ይጠበቃል እንጂ አይነካካም» የሚሉት ነገር ነበራቸው።

በ1992 ከእንግሊዝ ደብዳቤ መጣ። የሚስስ ዶሪን የእህት ልጅ ናት የጻፈችው። አክስቷ እንዳረፈች፣ ሳጥኑም የአቶ ደርበው እንዲሆን ተናዝዛ እንደሞተች ይናገራል። አቶ ደርበው ደብዳቤውን አስነብበው አለቀሱ፤ ሳጥኑን ግን ያኔም አልሸጡትም።

አሁን ለመሸጥ ያበቃቸው የዘንድሮው ክረምት ነው። ዝናቡ የጓዳውን ግድግዳ ናደው። በቀረው በኩልም ጣሪያው አዘነበለ። ብርቅዬ ለአንድ አስጎብኚ ብታማክረው፣ አዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ የምትገዛ ሔለን የምትባል ሴት እንዳለች ነገራት። ሔለን አንድ የድሮ ቪላ እንደቀድሞው አድርጎ ለሚያድስ ሰው የገበታ ዕቃ ስትፈልግ ስለነበር በሳምንቱ በአውሮፕላን መጣች።

አርባዎቹን የተሻገረች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ከአቶ ደርበው እግር ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ፣ ጥቅሉን ፈታች። ትንሽ ሚዛንና በዓይን የሚያዝ ማጉያ መነጽር አውጥታ አንዱን ሹካ ገለበጠችው።

«አባባ፣ ይኸው ከጀርባው ምልክቶች አሉ። የሚራመድ አንበሳ አለ፤ ይህ ማለት ከሺህ እጅ ዘጠኝ መቶ ሃያ አምስቱ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። ዘውዱ ሼፊልድ በሚባል ከተማ መመርመሩን ይናገራል። ፊደሏ ዓመቱን ትናገራለች፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ የሠሪው ስም።»

«ሚስስ ዶሪን ከእናቷ የወረሰችው ነው ብላኛለች» አሉ አቶ ደርበው ደስ ብሏቸው።

«ልክ ነው፤ ከሚስስ ዶሪን ዕድሜ ይበልጣል። የእጀታውም ጌጥ የታወቀ ነው። ነጋዴዎች ኪንግስ ይሉታል። ጫፉ ላይ ያለው ዛጎል ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው፤ ጌጡም ፊትና ጀርባ አለው። ከባድ ነው፤ ተፈላጊ ነው።»

ቢላዋዎቹን አየች። «እነዚህ ሚዛን ላይ አይወጡም» አለች። «ስለታቸው ብረት ነው፤ እጀታቸው ደግሞ ሥሥ ብር ሆኖ ውስጡ እንደ ሙጫ ባለ ነገር የተሞላ ነው። ቢሆንም ለሙሉነቱ ያስፈልጋሉ።» ሹካዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች፣ ትንንሾቹን ማንኪያዎች ቆጠረች፣ ከዚያ ትልልቆቹን ጀመረች። ስድስቱን አሳለፈች። ሰባተኛውን ገለበጠችው፣ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው፤ ስምንተኛውንም እንዲሁ።

«ብርቅዬ፣ እስቲ ነይ» አለች ቀስ ብላ። «ይሄን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ብርቅዬ ተጠግታ አየች። ከማንኪያው ጀርባ አንበሳም ዘውድም የለም፤ አራት የላቲን ፊደላት ብቻ ናቸው።

«ይሄ ብር የተለበጠ ነው» አለች ሔለን። «ውስጡ ኒኬልና መዳብ የተቀላቀለበት ብረት ነው። ተመልከቺ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ የሚነካው ሆዱ ላይ ለበጣው ተፍቆ ቢጫ ብሏል። ያኛው እኮ ቢጠቁርም እስከ ውስጡ ብር ነው። ጌጡም አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። የዚህ ዛጎል ወደ ውጭ ያበጠ ነው። ይህን ኩዊንስ ነው የሚሉት። ስድስቱ ትልልቅ ማንኪያዎች የዚህ ስብስብ አይደሉም።»

«ምንድን ነው?» አሉ አቶ ደርበው ከተቀመጡበት።

ሔለን ብርቅዬን አየቻት። ብርቅዬ፣ «ትልልቁ ማንኪያ ላይ ትንሽ ችግር አለ ነው የምትለው፣ አባባ» አለች።

«ምን ችግር? አሥራ ሁለት ነው። እኔ ነኝ የቆጠርኩት።»

ሔለን ውሸት የሚሆንላት ሴት አልነበረችም። የጎደለው ስድስት ማንኪያ ቢሆንም የሚቀነሰው የስድስት ማንኪያ ዋጋ ብቻ እንዳልሆነ አስረዳች። ሰው ዋጋ የሚሰጠው አሥራ ሁለት እንግዳ አንድ ላይ ለሚያስቀምጥ የተሟላ ገበታ ነው። አሥራ ሁለቱ ከጎደለ ከመላው ዋጋ ሲሶው ሊሄድ ይችላል። ጌጡ ስለታወቀ ሠሪውንና ዘመኑን የሚመስል ማንኪያ ውጭ አገር ፈልጎ ማሟላት ይቻላል፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ አንድ በአንድ ሲገዛም ይወደዳል። «እስከ ነገ አስቡበት» ብላ ወደ ሆቴሏ ሄደች።

አቶ ደርበው ግን፣ «ሚስስ ዶሪን ቅይጥ ዕቃ አትሰጠኝም» አሉ። «ልጅቷ እንዲህ የምትለው ዋጋ ለመስበር ነው። የኔሰው ዘንድ ይዘሽው ሂጂ። ብርን እሱ ያውቃል።»

የኔሰው አንጥረኛ ነው። ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ ባለችው ትንሽ ሱቁ መስቀል ሲሠራ ኖሮ ዕድሜው ስልሳ አምስት ደርሷል። ብርቅዬ ከጥሩዎቹ አንድ፣ ከተጠረጠሩት አንድ ይዛ ሄደች። የኔሰው ሁለቱንም ከሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ በሞረድ ጠርዛቸውን በጥቂቱ ፋቅ አድርጎ፣ ከብልቃጥ አንዳንድ ጠብታ አሲድ ጣለባቸው። በአንደኛው ላይ ጠብታው ነጣ ያለ ግራጫ ሆነ። በሁለተኛው ላይ ፈልቶ አረንጓዴ ሆነ።

«ይሄኛው ብር አይደለም» አለ። ጠብታውን በጨርቅ ጠረገው፤ ጠርጎም ጨርቁን አልለቀቀም።

«አያ የኔሰው፣ ስድስቱ እንዲህ ናቸው። አባባ እድሜ ልኩን አሥራ ሁለት ብሎ ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው። እንዴት ይሆናል?»

የኔሰው ቀና ብሎ አላያትም።

«ብርቅዬ፣ እናትሽ አስምላኛለች። ከሞተች ግን አሥራ አንድ ዓመት ሆናት፤ እኔም ነገ ሟች ነኝ። ስድስቱን ማንኪያ እኔ ነኝ ያቀለጥኳቸው። በሰማንያ ስድስት ክረምት። አንቺ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ማጅራት ገትር ይዞሽ። ደሴ ካልደረሰች ትሞታለች ተባለ። ትሁን በነጠላዋ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ደርበው እንዳይሰማ አለችኝ። አደራ ነው፤ ከሚነካ ልጁ ብትሞት ይመርጣል አለችኝ።»

«ሙጃ የሚኖረው አጎቴ በግ ሸጦ ነው ለሐኪሙ የከፈለው…»

«እንዲያ ብላ ለደርበው ነገረችው። በግ አልተሸጠም። ትልልቁን ማንኪያ የመረጠችው ሚዛን ስለሚያነሣ ነው። መስቀል አድርጌ ለቱሪስት ሸጥኳቸው። ዛሬ የት አገር እንዳሉ እግዜር ይወቅ።»

«እነዚህስ? እነዚህ ከየት መጡ?»

የኔሰው የተለበጠውን ማንኪያ ወደሷ ገፋ አደረገው። «እሱን አልነገረችኝም» አለ። «እኔም አልጠየቅኩም። ኋላ የሆቴሉን ነገር ስሰማ ከዚህ ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም። ወይ ማሰብ አልፈለግኩም።»

ብርቅዬ ከሱቁ እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ባጃጆች አጠገቧ ያልፋሉ።

የሆቴሉን ነገር ቤታቸው ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ አያነሣውም ነበር። ታላቅ ወንድሟ ተክለ ሚካኤል አሥራ ሰባት ዓመቱ ላይ እዚያው አባቱ በሚሠሩበት ሆቴል ዕቃ አጣቢ ሆኖ ገባ። በሰማንያ ሰባት፣ ከገና በኋላ ቆጠራ ሲደረግ ስድስት ማንኪያ ጎደለ። መጨረሻ ያጠበው ተክሌ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ፣ «ጋሽ ደርበው፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አላቸው። ብርቅዬ ከሰው የሰማችው ነው። አባቷ፣ «ልጁ ነው ብላችሁ እንዳትምሩት» አሉ። ተክሌ፣ «አባባ፣ አልወሰድኩም» ሲል፣ «ከዛሬ ጀምሮ እኔን አባባ አትበለኝ» አሉት። በዚያው ሳምንት ወደ ሁመራ ሄደ። ተመልሶ አልመጣም። በ2011 ጎንደር እንደሞተ አንድ ነጋዴ ነገራቸው። አቶ ደርበው «ነፍሱን ይማር» ብቻ አሉ። ተዝካር አልወጣም።

እናቷ የሆቴሉን የጠረጴዛ ልብስ ቤት እየወሰዱ ያጥቡ ነበር። ለኅዳር ሚካኤል የሳጥኑ ቆጠራ መሙላት ነበረበት። ሞልቶ ነበር።

ብርቅዬ የእናቷን የመጨረሻ ቀን አሰበች። ወይዘሮ ትሁን ምላሳቸው ተሳስሮ፣ «ማንኪያው… ማንኪያው…» ይሉ ነበር። ብርቅዬ ውሃ የጠማቸው መስሏት ጠበል በማንኪያ እየቀዳች አፋቸው ላይ አደረገችላቸው። እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እሷ ደግሞ እንደገና ትቀዳለች።

ከተቀመጠችበት ስትነሣ ለአባቷ ላለመንገር ቆርጣ ነበር። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው። ወንድሟ ሞቷል፤ እናቷ ሞተዋል። የሚነሣ ነገር የለም ብላ አሰበች።

ቤት ስትገባ አቶ ደርበው እንደተወቻቸው ተቀምጠው ነበር።

«የኔሰው ምን አለ?»

«ስድስቱ ለበጣ ናቸው አለ፣ አባባ። ምናልባት ሚስስ ዶሪን ጎድሎባት አሟልታ ይሆናል።»

«እስቲ አምጪው።»

«ምን ያደርግልሃል? አርፈህ…»

«አምጪው አልኩሽ እኮ።»

መስጠት ግድ ሆነባት። አቶ ደርበው ማንኪያውን በቀኝ እጃቸው ያዙ። በዚያ እጅ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የገበታ ዕቃ ሲያብሱ ኖረዋል። አውራ ጣታቸው ከእጀታው አንገት ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ፤ ዛጎሉ ላይ ደረሰ፤ ቆመ። እንደገና አለፈበት። ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘረጉ፣ «ጥሩውን ስጪኝ» አሉ። ሁለቱን ይዘው አንድ ጊዜ በአንዱ፣ አንድ ጊዜ በሌላው ላይ አውራ ጣታቸውን አሳለፉ።

«ይሄኛው ይጎደጉዳል» አሉ። «ይሄኛው ያበጠ ነው።»

አውራ ጣታቸውን ባበጠው ላይ መልሰው አሳረፉ።

«ይሄ የሆቴሉ ነው፣ ብርቅዬ። የኛ የሆቴሉ ማንኪያ ነው። ስንት ሺህ ጊዜ ያበስኩት።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስንት ነው ያልሽኝ?»

«ስድስት።»

ከዚያ በኋላ ሊደበቅ የሚችል ነገር አልነበረም። ብርቅዬ እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ የኔሰው የነገራትን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የደሴውንም፣ ያልተሸጠውንም በግ። ስትጨርስ፣ «በእኔ ነው፣ አባባ። ሁሉም በእኔ ነው የመጣው» ብላ አለቀሰች።

«አንቺ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ» አሉ። እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ። «ትሁን ትፈራኝ ነበር ማለት ነው» አሉ። «አርባ ዓመት አብራኝ ኖራ፣ ልጃችንን ላድን አደራውን ነካሁ ብላ ለመንገር ፈራችኝ። ሰው እኔን ታማኙ ደርበው ይለኛል። ለልጄ ግን አልታመንኩም። አልወሰድኩም ሲለኝ አላመንኩትም።»

ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

በማግስቱ ሔለን ስትመጣ አቶ ደርበው፣ «የጎደለው እስኪሟላ አንጠብቅም፣ ልጄ፤ ባለው ዋጋ ውሰጂው» አሏት። ሔለን አርባ ሁለቱን የብር ዕቃ ጠቅልላ፣ ስድስቱን የተለበጡ ማንኪያዎች ለብርቅዬ መለሰችላት። «እነዚህ ለሽያጭ የሚረቡ አይደሉም» አለች። «ለቤት ተጠቀሙባቸው።» የሆነውን አልነገሯትም፤ ስትወጣ ግን የአቶ ደርበውን እጅ ይዛ ትንሽ ቆመች።

ከሰዓት በኋላ አቶ ደርበው የሥራ ኮታቸውን አስወጡ። ብርቅዬ እየመራች ሆቴሉ ወሰደቻቸው። ሆቴሉ ባለቤቱን ሁለት ጊዜ ቀይሯል፤ ታድሷልም። ሥራ አስኪያጁ ሀብተ ሥላሴ የሚባል ወጣት ነው። ወንበር አቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም።

«እነዚህ የሆቴሉ ናቸው» አሉ። «በሰማንያ ሰባት የጠፉ ናቸው። ቤቴ ተገኙ።»

ሀብተ ሥላሴ ማንኪያዎቹን ገለባበጣቸው። «አባባ፣ ይህ እኛ ከመምጣታችን በፊት ነው። አሁን የምንጠቀመው ሌላ ነው። ይያዙት፤ እኛ አያስፈልገንም።»

«ያስፈልጋችኋል አላልኩም። የእናንተ ነው። ሠራተኞቹን ጥራልኝ።»

ወጣቱ ግራ ቢገባውም ጠራቸው። ሰባት ስምንት ልጆች መጡ። አቶ ደርበው ፊታቸውን ድምፅ ወደሚሰሙበት አዞሩ። «እዚህ ቤት ተክለ ሚካኤል ደርበው የሚባል ዕቃ አጣቢ ነበር» አሉ። «ሌባ ተብሎ ወጣ። ያስወጣሁት እኔ አባቱ ነኝ። ልጄ ሌባ አልነበረም። ይህን ዕወቁልኝ።»

ማንም ተክለ ሚካኤልን አያውቀውም። ያ ሥራ አስኪያጅ ሞቷል፤ የዚያን ዘመን አስተናጋጆች ከፊሎቹ ሞተዋል፣ ከፊሎቹ አገር ለቀዋል። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት አስተናጋጅ ልጁ ትናንት የሞተ መስሏት ቀረብ ብላ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አባባ» አለቻቸው።

«አሜን» አሏት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዳገቱን ሦስት ጊዜ አርፈው ወጡ። ግድግዳው በሚቀጥለው ሳምንት ይሠራል ተባለ። ከሽያጩ ላይ መጀመሪያ የተነሣው ግን ለተክሌ ተዝካር የሚሆነው ነው። ንስሐ አባታቸው ስድስት ዓመት የዘገየ ተዝካር ሲባሉ አልተገረሙም። «ስሙን ጻፉልኝ» ብለው ብቻ ጠየቁ። አቶ ደርበው የልጃቸውን ክርስትና ስም ለመጥራት ሦስት ጊዜ ጀምረው በሦስተኛው ጨረሱት።

ተክሌ ጎንደር ሴት ልጅ እንዳለችው ያው ነጋዴ ያኔ ነግሯቸው ነበር። ብርቅዬ የልጅቷን ስልክ ቁጥር አፈላልጋ አገኘች። እየሩስ ትባላለች፤ ሃያ ዓመቷ ነው። ደውላ ልጅቷ ስታነሣ ስልኩን አባቷ ጆሮ ላይ አደረገችላቸው።

«እየሩስ፣ እኔ የአባትሽ አባት ነኝ» አሉ።

ልጅቷ፣ «አባቴ አባቱ እንደሞቱ ነው የነገረን» አለች። በቁጣ አልነበረም፤ የምታውቀውን ነበር የተናገረችው።

አቶ ደርበው ስልኩን በራሳቸው እጅ ያዙት። «እሺ» አሉ። «ለተዝካሩ ትመጫለሽ?»

«አላውቅም። ከእማዬ ጋር ልነጋገር።»

«ተነጋገሪ። ፎቶው አለሽ?»

«አለኝ። ልላክልዎት?»

«እኔ አላይም፣ ልጄ። ለአክስትሽ ላኪላት፤ ትነግረኛለች።»

ፎቶው በዚያው ሰዓት መጣ። ብርቅዬ ስልኩን ወደ በሩ ብርሃን ይዛ አየችው። ስትለየው ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ፊቱን የምታስታውሰው በግድ ነው።

«ምን ይመስላል?» አሉ አባቷ።

«ግንባሩ ያንተ ነው። ቀጭን ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል።» ፎቶውን በሁለት ጣቷ አጎላችው። «ጸጉሩ ሸብቷል።»

አቶ ደርበው በአእምሯቸው ይዘውት የኖሩት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር።

«ሸብቷል?» አሉ። «ተክሌ ሸበተ?»